የቴሌግራም ክርክሬ በኢሜይል ልመና ሆነብኝ

*ጤና ይስጥልኝ። በአንድ አነስተኛ ድርጅት የግዢ ሠራተኛ ነኝ። ከካርቶን አቅራቢያችን ጋር ዋጋ የምንከራከረው ሁሌም በቴሌግራም ነበር። ክርክር ላይ ደግሞ አልታማም። አሁን አለቃዬ «ለኦዲት አይመችም፣ ሁሉም ነገር በኢሜይል ይሁን» አለኝ። 600 የታተመ ካርቶን ለማዘዝ መጀመሪያ በቴሌግራም ተከራከርን፣ ከዚያ ጨዋ ኢሜይል ጻፍኩለት። ሲመልስልኝ በቴሌግራም ካለው ዋጋ በላይ ጠራ! አለቃዬ ከ44 በላይ አልፈቅድም ብሏል። ያለን ካርቶን ለሦስት ሳምንት ይበቃናል። ሌላ አቅራቢ በስልክ 43 ብሎኛል፣ ግን በ25 ቀን ነው የሚያደርሰው፤ የእኛው በ15 ቀን ያደርሳል። ንግግራችንን ከነኢሜይሉ ልኬልዎታለሁ። ሳልሳደብና ሳልለምን ዋጋዬን ይዤ እንዴት ልጻፍ?*

*እኔ፦ ወንድሜ 48 አበዛኸው! 40 አድርገውና እንጨርስ*
*እሱ፦ እህቴ ወረቀት 10 በመቶ ጨምሯል እኮ። ለአንቺ ስል 46*
*እኔ፦ ኧረ ተው! ባለፈው በ41 ነው የወሰድኩት። ሌላ ቦታ 43 ብለውኛል*
*እሱ፦ እነሱ ጋ ውሰጂያ፣ ጥራቱን ታይዋለሽ*
*እኔ፦ 42 የመጨረሻዬ። ካልሆነ እተወዋለሁ*
*እሱ፦ ግማሹን ቀድመሽ ከላክሽ 45*

*ኢሜይሌ፦ «ያቀረባችሁት ዋጋ ከበጀታችን አንጻር በመጠኑ ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ከ42 እስከ 44 ባለው መካከል ይስተካከልልን ዘንድ በትህትና እንጠይቃለን።»*
*መልሱ፦ «ለደንበኝነታችሁ ስንል 45.50 አድርገናል። ግማሽ ክፍያ በቅድሚያ።»*

---

እህቴ፣ ቴሌግራሙን ሳነብ ሳቅሁ፣ ኢሜይሉን ሳነብ ደግሞ አዘንኩልሽ። ሁለቱን የጻፈችው አንድ ሰው አትመስልም። በቴሌግራም ላይ ያለችው ሴት ገበያ ቆማለች። በኢሜይል ላይ ያለችው ግን ቢሮ ደጃፍ ላይ ማመልከቻ ይዛ ወረፋ ትጠብቃለች።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቻችን መደበኛ ጽሑፍ የተማርነው ከማመልከቻ ነው። «ይደረግልን ዘንድ»፣ «በትህትና እንጠይቃለን»፣ «ቢታይልን»። እነዚህ ቃላት የበታች ለበላይ የሚጽፋቸው ናቸው፤ ወሳኙ ሰው ወዲያ ማዶ እንደተቀመጠ አምነሽ ትጽፊያለሽ ማለት ነው። የዋጋ ክርክር ግን የእኩዮች ነገር ነው። እሱ ዕቃ አለው፣ አንቺ ገንዘብ አለሽ። ማመልከቻ ስትጽፊለት ወንበሩን ራስሽ ከፍ አደረግሽለት፤ እሱም እንደ ኃላፊ «አድርገናል» ብሎ መለሰልሽ።

ስለዚህ ቃላቱን ከማሳመር በፊት የቴሌግራም ንግግርሽን ቁጭ ብለሽ እንደገና አንብቢው። ጩኸቱን ብታወጪለት ውስጡ የሚረባ ነገር ሞልቷል። ቁጥር አለ፣ ምክንያት አለ፣ አማራጭ አለ፣ ገደብ አለ። ጨዋ ልሁን ስትይ ጩኸቱን ብቻ ሳይሆን እነዚህንም አብረሽ ጣልሻቸው። በቦታቸው «በመጠኑ ከፍ ያለ» የሚል ገባ። «በመጠኑ» ምን ያህል ነው? እሱ በ50 ሳንቲም ተረጎመው።

ከቁጥሩ እንጀምር። «ከ42 እስከ 44» ብለሽ ጻፍሽ። ሻጭ እንዲህ ያለ ነገር ሲያነብ የሚታየው 44 ብቻ ነው። 42 እንደ ጌጥ ይቀራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ 44 የአለቃሽ ጣሪያ መሆኑ ነው፤ ያንን ቁጥር በነጻ ሰጠሽው። አሁን ማጥፋት አትችዪም፣ ተጽፏል። ግን ወደ 42 መመለስ ትችያለሽ፣ እንዴት እንደሆነ ወደ ታች አሳይሻለሁ። ለወደፊቱ ግን አንድ ኢሜይል፣ አንድ ቁጥር።

ያ ቁጥር ደግሞ የምን ዋጋ እንደሆነ አብሮት ይጻፍ። በቴሌግራም 42 ስትይው ሁለታችሁም የገባችሁ መስሏችኋል። ታክስን ይጨምራል? ማድረሻውስ? የኅትመት ፕሌት ማሠሪያ ካለ ማን ይከፍላል? ታክሱ ለምሳሌ 10 በመቶ ቢሆን፣ 42 ከታክስ ጋር 46.20 ነው። እናንተ በሦስት በአራት ስትጨቃጨቁ፣ ከዚያ በላይ የሆነ ልዩነት ሳይነሳ ተቀምጧል ማለት ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን ብዛቱን፣ መጠንና ውፍረቱን፣ ኅትመቱን፣ ታክስ ያለው ወይም የሌለው መሆኑን፣ ማድረሻውንም አስገቢ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ አይረዝምም።

አሁን ወደ ምክንያቱ። «አበዛኸው» ስሜት ነው፤ «አላበዛሁም» ተብሎ ይመለሳል። «ባለፈው በ41 ነው የወሰድኩት» ግን ማስረጃ ነው፣ ደረሰኝ አለሽ። ከ41 ወደ 48 ስንት በመቶ ነው? 17 በመቶ። እሱ ራሱ ወረቀት 10 በመቶ ጨመረ ብሏል። ታዲያ የቀረው ከየት መጣ?

እዚህ ላይ አንዲት ወጥመድ አለች። አንዳንድ ሰው «ካርቶኑ ሙሉ በሙሉ ወረቀት ቢሆን እንኳ 45.10 ነው የሚሆነው» ብሎ ይጽፋል። ስሌቱ ትክክል ነው። ግን ልክ ይህን ስትጽፊ 45.10 የሚል ቁጥር በአንቺ እጅ ተጽፎ ይቀመጣል፤ እሱም «ታዲያ 45 ብያለሁ አይደል?» ይልሻል። ለማጣጣል ያመጣሽው ቁጥር ዋጋ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ ስሌቱን ለራስሽ ያዥው፣ ለእሱ ጥያቄ ላኪለት። «ከአንድ ካርቶን ወጪ ወረቀት ምን ያህሉን ይይዛል?» በይው።

ጥያቄ ስትጠይቂ ግን መልሱ የት እንደሚያደርስሽ ቀድመሽ ማወቅ አለብሽ። እስቲ እናስላው። ወረቀት የወጪውን ግማሽ ቢይዝ፣ የ10 በመቶ ጭማሪ በዋጋው ላይ የሚያመጣው 5 በመቶ ነው፤ 41 ወደ 43.05 ይሄዳል። 60 በመቶ ቢይዝ 43.46። 70 በመቶ ቢይዝ 43.87። ሦስቱም ከ44 በታች ናቸው። ጥያቄው ለአንቺ ብዙም አደጋ የለውም ማለት ነው፣ ጠይቂ። «ቀለምም ጨምሯል፣ የሠራተኛም ጨምሯል» ሊልሽ ይችላል። ይበል። ለእያንዳንዱ ስንት እንደሆነ ይጻፍልሽ። በአፍ «ሁሉ ነገር ጨምሯል» ማለት ቀላል ነው፣ መዘርዘር ሲመጣ ብዙ ሰው ዋጋውን ዝቅ ማድረግ ይመርጣል።

አማራጭሽ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። «ሌላ ቦታ 43 ብለውኛል» ስትዪ ያለሽ ነገር የስልክ ወሬ ነው። ኢሜይሉን ከመጻፍሽ በፊት ዛሬውኑ ሰውየውን ፕሮፎርማ አስልኪ። ያንኑ መጠን፣ ያንኑ ውፍረት፣ ያንኑ ኅትመት ይጻፍ። አንድ ጥያቄም ጨምሪለት፦ ከ600ው ውስጥ 100ውን በ15 ቀን፣ ቀሪውን በ25 ቀን ማድረስ ይችላል? እሺ ካለሽ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። አሁን ያለሽ አማራጭ እኮ ጎደሎ ነው፤ ካርቶንሽ በ21 ቀን ያልቃል፣ የእሱ ዕቃ በ25 ቀን ይመጣል። አራት ቀን ባዶ እጅ ነሽ። ይህን ቀዳዳ ሳትደፍኚ «እተወዋለሁ» ማለት ፉከራ ነው።

ፕሮፎርማው ሲመጣ ደግሞ ቁጥሩን አትጻፊ። «43 አለን» ካልሽ አቅራቢሽ 43 አድርጎ ይዘጋዋል፣ የአንቺ 42 ሞተ። የሌላውን ሰው ዋጋ ለተፎካካሪው አሳልፎ መስጠቱም ደግ ሥራ አይደለም፤ የብዙ ድርጅት የግዢ ደንብም አይፈቅደውም። «ካቀረቡልን ዋጋ ያነሰ የጽሑፍ ዋጋ በእጃችን አለ» ይበቃል። እውነት ነው፣ ቁጥር የለውም፣ እንቅልፍ ግን ይነሳል። ፕሮፎርማው ካልመጣልሽ ይህን ዓረፍተ ነገር አውጪው። የሌለ ዋጋ አለ ብለሽ እንዳትጽፊ። በቴሌግራም ቢሆን ይረሳ ነበር፣ ኢሜይል ግን ፋይል ነው፤ «እስቲ አሳይን» ቢሉሽ ምን ትመልሻለሽ?

«የመጨረሻዬ» የሚለውን ቃልም ለጊዜው ደብቂው። እኔ ራሴ በዚህ ተቀጥቼበታለሁ። በአንድ ግዢ ላይ «ይህ የመጨረሻ ዋጋችን ነው» ብዬ በኢሜይል ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ቸኮልኩና ጨመርኩ። በሚቀጥለው ዙር ያንኑ ቃል ስጽፍ፣ አቅራቢው የድሮ ኢሜይሌን ከታች ለጥፎ «እንደ ባለፈው የመጨረሻ ነው ወይስ የምር?» ብሎ መለሰልኝ። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ቃሌን አምኖኝ አያውቅም፣ አልፈርድበትም። በቃሉ ፋንታ ቀን አስቀምጪ። «ይህ ሐሳብ እስከ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ይጸናል።» ቀን አይቆጣም፣ አይፎክርም፣ ግን ያልፋል።

ቀኑን ስትመርጪ የራስሽን ሰዓት ቁጠሪ። ካርቶንሽ 21 ቀን፣ ማድረሻው 15 ቀን፤ ለክርክር ያለሽ 6 ቀን ነው። ሁለት ኢሜይል ብትለዋወጡ ለእያንዳንዱ ሁለት ቀን ስጪው፣ ሁለት ቀን መጠባበቂያ ይተርፍሻል። ደግሞ «15 ቀን» የሚቆጠረው ከመቼ ነው? ብዙ አታሚ የሚቆጥረው ቅድሚያ ክፍያው ከገባና ዲዛይኑ ከጸደቀ በኋላ ነው። ይህን ካላወቅሽ 6 ቀንሽ 3 ሊሆን ይችላል። የጠበበ ጊዜ እንዳለሽ ግን ለእሱ አትንገሪው። ክምችትሽ፣ በጀትሽ፣ የአለቃሽ ጣሪያ፣ ሦስቱም ከኢሜይሉ ውጪ ይቆዩ። «ከበጀታችን አንጻር» ስትዪም እኮ ችግሩ የአንቺ ኪስ ነው ብለሽ አመንሽለት። ችግሩ ግን የእሱ ዋጋ ነው።

አንድ ያላስተዋልሽው ሀብት ደግሞ አለ። መጀመሪያ 46 አለሽ። ቀጥሎ «ግማሹን ቀድመሽ ከላክሽ 45» አለሽ። የቅድሚያ ክፍያን ዋጋ ራሱ ነገረሽ፤ ግማሽ ክፍያ በአንድ ካርቶን 1 ያስቀንሳል። ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያ እሱ የሚፈልገው፣ አንቺም የምትሸጪው ዕቃ ነው፤ በነጻ አይሰጥም። በ45 ሒሳብ ግማሹ 13,500 ነው፤ ካርቶኑ እስኪመጣ 15 ቀን እሱ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል ማለት ነው። አለቃሽ ስንት በመቶ ቅድሚያ ክፍያ እንደሚፈቅድ ዛሬ ጠይቂው። 30 በመቶ ከፈቀደ፣ ለሁለተኛው ኢሜይል እናስቀምጠዋለን። በመጀመሪያው ላይ አታንሺው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ኢሜይል ይኸውልሽ። 45.50 ላለበት ኢሜይል መልስ ሆኖ፣ የእሱ ኢሜይል ከሥሩ እንዳለ ይላክ።

> ጉዳዩ፦ 600 የታተመ ካርቶን፣ የዋጋ ሐሳባችን በነጠላ 42
>
> ሰላም አቶ …፣
>
> ለመልስዎ አመሰግናለሁ። ሰኞ በቴሌግራም የሰጡን ዋጋ በነጠላ 45 ነበር፤ ዛሬ በኢሜይል የደረሰን 45.50 ነው። ንግግራችንን ከ45 እንቀጥላለን ብለን ወስደናል።
>
> ባለፈው ኢሜይላችን የጠቀስነውን ዋጋ በዚህ ተክተነዋል። 600 ካርቶን፣ ባለፈው ትዕዛዝ መጠን፣ ውፍረትና ኅትመት፣ ቢሯችን ድረስ በማድረስ፣ ከታክስ በፊት በነጠላ 42 ለመግዛት ዝግጁ ነን። ክፍያው ዕቃው ተፈትሾ ሲረከብ ይፈጸማል።
>
> ያለፈው ትዕዛዝ በነጠላ 41 ነበር። መጀመሪያ ያቀረቡት 48 በዚያ ላይ የ17 በመቶ ጭማሪ ነው። ወረቀት 10 በመቶ እንደጨመረ ነግረውናል። ወረቀት ከአንድ ካርቶን ወጪ ምን ያህሉን እንደሚይዝ ቢገልጹልን ጭማሪውን በዚያ መጠን እናየዋለን። ለተመሳሳይ ካርቶን ካቀረቡልን ዋጋ ያነሰ የጽሑፍ ዋጋ በእጃችን አለ፤ ሆኖም ሥራዎን ስለምናውቀው ከእርስዎ ጋር ብንቀጥል እንመርጣለን።
>
> ይህ ሐሳብ እስከ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ይጸናል። የማድረሻው 15 ቀን ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠርም ቢያሳውቁን። ስምምነቱ የሚጸናው የግዢ ትዕዛዝ ስናወጣ ነው።
>
> ከሰላምታ ጋር

አየሽ፣ ስድብም ልመናም የለበትም። «እባክዎ» የሚል ቃል እንኳ አልገባም፤ ግን ማንም ባለጌ ነው አይለውም። ጨዋነቱ «እርስዎ» የሚለው ውስጥ አለ፣ ምስጋናው ውስጥ አለ፣ «ሥራዎን ስለምናውቀው» የሚለው ውስጥ አለ። ያ የመጨረሻው ሐረግ «እህቴ» እና «ወንድሜ» የሚሠሩትን ሥራ ይሠራል። በነገራችን ላይ እውነት ካልሆነ አውጪው። የካርቶኑ ጥራት ባለፈው አናዶሽ ከነበረ ማሞገስ አይጠበቅብሽም።

ጉዳዩ የሚለው መስመር ላይ ቁጥሩን ማስገባቴን አትጥዪው። የአንቺ ኢሜይል ርዕስ «ቅናሽ ስለመጠየቅ» ዓይነት ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ። መልስ ሲሰጥሽ፣ መልስ ስትሰጪው፣ ያ መስመር በየጊዜው ከላይ ይመጣል። ለአለቃው ቢልከውም አለቃው መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። ስለዚህ ልመናሽ ሳይሆን 42 ይቀመጥበት።

«በዚህ ተክተነዋል» የምትለዋ አጭር ዓረፍተ ነገር ደግሞ የ«ከ42 እስከ 44»ን ስህተት ታነሳለች። ይቅርታ መጠየቅም ማብራራትም አያስፈልግም። እሱ 44ን አይረሳውም፣ እንዳይመስልሽ። ግን ከአሁን በኋላ በወረቀት ላይ ያለው የአንቺ ሐሳብ 42 ነው። በአለቃው ፊት «44 ብለዋል እኮ» ለማለት አይመቸውም።

ሕጉንም በአጭሩ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ቴሌግራም ላይ ስለማይታወስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ቪየና ላይ የወጣው የዓለም አቀፍ የዕቃ ሽያጭ ውል ስምምነት አንቀጽ 19 እንዲህ ያለ መርሕ አለው፦ ለቀረበልሽ ሐሳብ «እሺ» ብለሽ ዋጋውን ወይም ሌላ ዋና ነገር ከለወጥሽበት፣ ያ መቀበል አይደለም፤ የመጀመሪያውን ሐሳብ አልቀበልም ብሎ አዲስ ሐሳብ ማቅረብ ነው። ስምምነቱ አገር ተሻጋሪ ንግድን ነው የሚመለከተው፣ ግን ብዙ አገሮች በራሳቸው የውል ሕግም ተመሳሳይ መርሕ አላቸው። ለአንቺ ትርጉሙ ይህ ነው፦ 42 ብለሽ ስትጽፊ የእሱ 45 በመደርደሪያ ላይ አይጠብቅሽም። ነገ ወረቀት ቢወደድ «እሺ በቃ 45 ይሁን» ብትዪው ላይስማማ ይችላል። ብዙ ጊዜ ይስማማል፣ መሸጥ ይፈልጋላ። ግን መብትሽ አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ «ተስማምተናል» ብለሽ በኢሜይል ከጻፍሽ በኋላ «አለቃዬ አልፈቀደም» ማለት ይከብድሻል። የግዢ ትዕዛዝ የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ያስገባሁት ለዚህ ነው።

ኢሜይሉ በሄደ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቴሌግራምሽ ይጮሃል። «እህቴ ምነው ጠበቃ ቀጠርሽብኝ እንዴ?» ይልሻል። እዚያ ከገባሽ አለቀልሽ፤ በኢሜይል የያዝሽውን በቴሌግራም ትለቂዋለሽ። «ኧረ በሰላም ነው፣ ቢሯችን እንደዚህ አድርጉ ብሎናል። መልስህን እዚያው ጻፍልኝ» በዪውና ዝጊው። ሳቂለት፣ ቀልጂለት፣ ቁጥር ብቻ አትጥሪ።

ረቡዕ ወይም ሐሙስ መልሱ ይመጣል። ከልምድ ስገምት ከሁለት ነገር አንዱ ነው። ወይ ወጪውን ዘርዝሮ ወደ 44 ገደማ ይወርዳል፣ ወይ ደግሞ «45 ብያለሁ፣ 42 ብለዋል፣ መሃል ላይ እንገናኝ፣ 43.50፣ ግማሽ ቅድሚያ» ይላል። ሁለተኛው ፍትሐዊ ይመስላል። ከጣሪያሽም በታች ነው፣ እጅሽ «እሺ» ለማለት ይቸኩላል። ግን «መሃል» የሚባለው ነገር ሁለቱ ጫፎች የት እንደቆሙ ነው የሚወስነው። አንቺ 41 ብለሽ ጀምረሽ ቢሆን መሃሉ 43 ነበር። ከዚያም በላይ ግማሽ ቅድሚያውን አብሮ አስገብቶታል፤ ስለዚህ 43.50ው ያለ ቅድሚያ ክፍያ ከሚሰጥ 43.50 ጋር አንድ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ያስቀመጥነው 30 በመቶ የሚወጣው።

> ሰላም አቶ …፣
>
> ስለ ማብራሪያውና ስለ 43.50 አመሰግናለሁ። በግማሽ ቅድሚያ ክፍያ በዚህ ዋጋ መቀጠል አንችልም።
>
> ዲዛይኑ በጸደቀ በ15 ቀን ውስጥ ሙሉውን 600 ካርቶን የሚያደርሱልን ከሆነ፣ ትዕዛዙን ባወጣን በሁለት ቀን ውስጥ 30 በመቶ በቅድሚያ ከፍለን፣ ቀሪውን በርክክብ ጊዜ ጨርሰን፣ በነጠላ 43 እንገዛለን። ሌላው ሁሉ በቀደመው ኢሜይል እንደተጻፈው ነው።
>
> እስከ ቅዳሜ ቀትር ምላሽዎን ብናገኝ ትዕዛዙን በዚያው ቀን እናወጣለን።

ቅደም ተከተሉን ልብ በዪ። መጀመሪያ የእሱ ግዴታ፣ ቀጥሎ የአንቺ፣ መጨረሻ ቁጥሩ። አማርኛችን ለዚህ የተሠራ ነው፤ «ከሆነ» ቀድሞ ይመጣል፣ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ነው። «43 እንገዛለን፣ ግን…» ብለሽ ብትጽፊ 43ን ይዞ ይሄዳል፣ «ግን»ኑን በሌላ ቀን ይከራከርሻል።

ከ42 ወደ 43 አንድ እርምጃ ሄድሽ። የሚቀጥለው ካለ ከዚህ ያነሰ መሆን አለበት፤ 43.25 በዪ፣ 44 አይደለም። እርምጃሽ እየሰፋ ከሄደ ሻጩ ገና ብዙ እንዳለሽ ያስባል፣ ልክም ነው። ለእሷም 25 ሳንቲም የሆነ ነገር ተቀበዪበት። ለምሳሌ ይህ ዋጋ ለሚቀጥለው ትዕዛዝም እንዲጸና ጠይቂ። በ43 ከተስማማችሁ ሒሳቡ 25,800 ነው። በ45.50 ብትቀበዪ 27,300 ይሆን ነበር። ልዩነቱ 1,500፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ13,650 ወደ 7,740 ወርዷል። ለአለቃሽ ይህችን ስሌት ከኢሜይሎቹ ጋር ፋይሉ ላይ አያይዢለት።

ካልተስማማስ? 44.50 ላይ ሙጭጭ ቢል? ያኔ ጥያቄው የመጻፍ ችሎታ አይደለም። ሌላው አቅራቢ 100ውን በ15 ቀን አደርሳለሁ ብሎ በጽሑፍ ከሰጠሽ፣ ቅዳሜ ቀትር ሲያልፍ እሱን እዘዢ። ለዚህኛው ሁለት መስመር ጻፊለት፦ «ስለ ጊዜዎ አመሰግናለሁ። በዚህ ዙር ትዕዛዙን ለሌላ አቅራቢ ሰጥተናል። ለሚቀጥለው ዋጋ ስንሰበስብ እርስዎንም እንጠይቃለን።» ምንም ሽሙጥ አትጨምሪበት። ብዙ ጊዜ 43 የሚለው መልስ የሚመጣው ከዚህች ኢሜይል በኋላ ነው። ያኔ ግን የግዢ ትዕዛዙን ለሌላው አውጥተሻል፤ ረፍዷል፣ ወደ ኋላ አትመለሺ። 100ውን የሚያደርስልሽ ሰው ከሌለ ደግሞ አለቃሽ ዘንድ ሄደሽ እውነቱን ንገሪው፦ ወይ 50 ሳንቲም ይጨመር፣ ወይ አራት ቀን ያለ ካርቶን እንቆይ። የትኛው እንደሚወደድ የሚያውቀው እሱ ነው።